ፕሉቶ ከግል ፕላኔቶች ጋር ሲገናኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር የልደት ሰንጠረዣቸውን በስልካቸው አውጥተው «ይህ ምን ማለት ነው?» እያሉ ከሚያሳዩኝ ሰዎች የሰበሰብኳቸው ናቸው፤ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ፕሉቶ ምንድን ነው? ለምንስ ከሥልጣን፣ ከቁጥጥርና ከማጣት ጋር ይያያዛል?

ፕሉቶ ከኔፕቱን ማዶ በ248 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ፀሐይን የሚዞር ትንሽ አካል ነው። ክላይድ ቶምቦ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930 በአሪዞና በሚገኘው የሎዌል የምርምር ጣቢያ አገኘው፤ ይህም ንግሥት ዘውዲቱ ከማረፋቸው ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ስሙ የተሰጠው በሮማውያን የሙታን ዓለም አምላክ ነው። የኮከብ ቆጠራ ትርጉሙም በአብዛኛው ከዚህ ስም የፈለቀ ነው፤ ከምድር በታች ያለ፣ የማይታይ፣ ሰው ሊያየው የማይፈልገው፣ ነገር ግን ሀብትም የተቀበረበት ስፍራ።

ስለዚህ ፕሉቶን የሚያነብ ሰው የሚጠይቀው «ምን ያገኛል?» ብሎ ሳይሆን «ምን እንዳይወሰድበት ይፈራል? እንዳይወሰድበትስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነው። በዚህ አነባበብ ቁጥጥርና ማጣት የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። አጥብቆ የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን እጁ ባዶ ሆኖበት የነበረ ነው።

በስሜና በእናቴ ስም ከሚወጣው ኮከብ ጋር ግንኙነት አለውን?

የለውም። በእኛ አገር የታወቀው የኮከብ ሒሳብ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ደምሮ፣ ለ12 በመግደፍ ከሐመል እስከ ሑት ካሉት አንዱን ያወጣል። የተወለዱበትን ሰዓት አይጠይቅም፤ ፕሉቶንም አያውቅም፤ ሊያውቀውም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ፀሐይንና ጨረቃን ጨምሮ በዓይን የሚታዩት ሰባት ብቻ ናቸው። እዚህ የምንናገረው በልደት ቅጽበት በሰማይ ላይ የነበረውን አቀማመጥ ስለሚለካው ሌላ ዘዴ ነው። የአሥራ ሁለቱን ኮከቦች ስም ግን ሁለቱም ይጋራሉና እኔም አቅራብ፣ ደለዊ፣ አሰድ እያልኩ እቀጥላለሁ። በስምዎ «አቅራብ» ወጥቶልዎት በልደት ሰንጠረዥዎ ሌላ ቢያገኙ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

አስፔክት ምንድን ነው? የግል ፕላኔቶች የሚባሉትስ የትኞቹ ናቸው?

አስፔክት በሁለት የሰማይ አካላት መካከል ያለ የማዕዘን ርቀት ነው። ከምድር ሆነን ስናይ አንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ ጥምረት፣ 90 ዲግሪ ከተራራቁ ካሬ፣ 180 ከሆኑ ትይዩ፣ 120 ከሆኑ ትራይን፣ 60 ከሆኑ ሴክስታይል ይባላሉ። ርቀቱ ልክ በልክ መሆን የለበትም፤ ነገር ግን ለፕሉቶ ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር እስከ 5 ወይም 6 ዲግሪ፣ ከሌሎቹ ጋር እስከ 3 ወይም 4 ዲግሪ ያለ ልዩነት ብቻ እቀበላለሁ። 10 ዲግሪ የሚቀበሉ አሉ፤ በዚያ ስሌት ግን ፕሉቶ ያልነካው ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

የግል የሚባሉት ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬኑስና ማርስ ናቸው። ግል የተባሉት ስለሚፈጥኑ ነው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ መልስም በዚሁ ላይ ያረፈ ነው።

እኩዮቼ ሁሉ ፕሉቷቸው አንድ ቦታ ላይ ከሆነ የእኔ የሚሆነው ምኑ ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጥሩው ይህ ነው። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. ከ1983 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1995 ድረስ በአቅራብ ውስጥ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1987 መሆኑ ነው። በእነዚህ ዓመታት የተወለደ ሰው «ፕሉቶዬ አቅራብ ላይ ነው» ብሎ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ሁሉ በክፍሉ አብረውት ለተማሩት ሁሉ ይሠራል። በዚያን ዘመን ፕሉቶ በዓመት ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ይጓዝ ነበርና በአንድ ወር የተወለዱ ሰዎች ፕሉቶ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ብዙም አያልፍም።

ጨረቃ ግን በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፤ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ እንደማለት ነው። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ትሄዳለች። ስለዚህ ፕሉቶን የአንድ ሰው የሚያደርገው ራሱ ፕሉቶ ሳይሆን እርሱን የነካው ፈጣን አካል ነው። ፀሐይ ከፕሉቶ ጋር ካሬ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው፤ ጨረቃ ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ቀን ላልሞላ ጊዜ። ይህ ማለት የጨረቃና የፕሉቶ አስፔክት የሚቆመውም የሚወድቀውም በልደት ሰዓት ትክክለኛነት ነው ማለት ነው።

ልደቴን የማውቀው በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ነው፤ እንዴት ላስገባው?

ወደ እኔ ከሚመጡት ሰንጠረዦች መካከል ብዙዎቹ የሚበላሹት እዚህ ላይ ስለሆነ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልሥራ። አንዲት ሴት በጥር 24 ቀን 1980 «ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ» አዲስ አበባ ተወለደች እንበል። የመጀመሪያው ወጥመድ ዓመቱ ነው። 24፣ 1 እና 1980ን እንዳሉ ብታስገባ ፕሉቶ ሚዛን ላይ ይወጣላታል፤ ያ የሌላ ትውልድ ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ነው። ጥር 24 በአብዛኞቹ ዓመታት ፌብሩዋሪ 1 ላይ ይውላል፤ 1979 ግን ጳጉሜን 6 ስለነበራት 1980 በሴፕቴምበር 12 ገባች፤ ስለዚህ የእርሷ ልደት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1988 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ እስከ የካቲት 21 ድረስ የተወለደ ሰው ሁሉ ይህችን አንድ ቀን ማስታወስ አለበት። ሦስተኛው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። «ከሌሊቱ 5 ሰዓት» ማለት በስልክ ሰዓት 23:00 ነው፤ ብዙዎች ግን 5 የምትለውን ቁጥር ብቻ ይዘው 05:00 ብለው ያስገባሉ።

ልዩነቱን እንየው። በትክክል ስናስገባው ፀሐይ በደለዊ 13ኛው ዲግሪ፣ ጨረቃ በአሰድ 13ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ፕሉቶ ደግሞ በአቅራብ 12 ተኩል ዲግሪ አካባቢ ይሆናሉ። ፀሐይና ጨረቃ ትይዩ ናቸው፤ ሁለቱም ከፕሉቶ ጋር ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልዩነት ካሬ ሠርተዋል። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ የፕሉቶ ሰንጠረዥ ብዙ አይገኝም። በዚያው ቀን 05:00 ብለን ብናስገባ ግን ጨረቃ በአሰድ አራተኛው ዲግሪ ላይ ትሆናለች፤ ከካሬው ወደ 9 ዲግሪ ስለምትርቅ አስፔክቱ የለም። ወጣ ኮከቧም፣ ማለትም በተወለደችበት ቅጽበት በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው፣ ከሚዛን ወደ ጀዲ ይዞራል። ቀኑን በአንድ ብንሳሳትም እንዲሁ፤ ጨረቃ ወደ 12 ዲግሪ ወደ ኋላ ትቀራለች። በሁለቱም ስሕተት የፀሐይ ካሬ አይጠፋም፤ ይህም ፀሐይ ቀስ ስለምትል ነው። እንግዲህ ይህች ሴት «ሰንጠረዤ ግማሹ ይገልጸኛል፣ ግማሹ አይገልጸኝም» ብትል ምክንያቱ ግልጽ ነው።

የሰዓት ማስረጃ የሌለው ሰው እናቱን በሌላ መንገድ ይጠይቅ። ቀኑን ለማጣራት ክርስትና የተነሣበት ቀን ይረዳል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሆነ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል፤ ለምሳሌያችን ሴት ሚያዝያ 13 ወይም 14 ይመጣል። ሌሊቱ ጨለማ ነበር ወይስ ጨረቃ ነበረ የሚለውም ቀላል የማይባል ጥያቄ ነው። በዚያች ሌሊት ጨረቃ ሙሉ የሆነችው በአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው፤ እናትየዋ «ግቢው እንደ ቀን በርቶ ነበር» ብትል ቀኑ ልክ ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ጨረቃና ፕሉቶ ካሬ ሲሆኑ በኑሮ ውስጥ ምን ይመስላል?

ጨረቃ እናትን፣ ቤትን፣ ምግብን፣ እንቅልፍን፣ ሰው ሳያስብ የሚሰማውን ስሜት ትወክላለች። ፕሉቶ ሲነካት ቤቱ ገመና ያለበት ቤት ይሆናል። የግድ ክፉ ቤት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፍቅር የበዛበት፣ ነገር ግን የማይነገር ነገር ያለበት ነው። ልጁ የእናቱን ፊት ማንበብ የሚማረው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ በሩ የተከፈተበትን ድምፅ ሰምቶ ዛሬ ምን ዓይነት ቀን እንደሚሆን ያውቃል። ሲያድግም ይህ ችሎታ አብሮት ያድጋል፤ ሰው ሳይነግረው ያውቃል፣ የራሱን ግን ለማንም አይነግርም።

ከእኛ ልማድ መርዶን ላንሣ። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመድ ወዲያው አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሌሊቱ አልፎ፣ ንጋት ላይ ነው የሚረዳው። ልማዱ ርኅራኄ አለው። ነገር ግን በልጅነቱ አባቱ ከሞተ በኋላ ለቀናት ወይም ለወራት «ክፍለ ሀገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ሁለት ነገር ያጣል፤ አባቱን ያጣል፣ ቀጥሎም የሚወዱት ሰዎች የሚነግሩትን የማመን ነገር ያጣል። የጨረቃና የፕሉቶ ካሬ ያላቸው ሰዎች ስለ ማጣት ሲያወሩ ከሞቱ ይልቅ መደበቁን ደጋግመው ሲያነሡ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ በሌሊት ሲጮኽ፣ እንግዳ ሳይጠበቅ ሲመጣ፣ ሰዎች ድንገት ዝም ሲሉ ውስጣቸው ይነቃል።

ቁጥጥሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ድንገት ላለመያዝ ሲል ሁሉን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ ልጁ የት እንደዋለ፣ ባለቤቱ ከማን ጋር እንደተነጋገረ፣ በመሶቡ ስንት እንጀራ እንደቀረ። በውጭ ላለ ሰው ገዥነት ይመስላል፤ በውስጥ ግን ዘብ መቆም ነው። አነባበቡ ልክ ስለመሆኑ አንድ መፈተኛ አለኝ፤ ሰውየው ሁሉ ነገር ሰላም በሆነበት ቀን ይበልጥ የሚጨነቅ ከሆነ የጨረቃና የፕሉቶ ነገር ነው እላለሁ። ችግር ሲመጣ ግን ከሁሉ የተረጋጋው እርሱ ነው፤ በልቅሶ ቤት ድንኳን የሚያስተክለው፣ ንፍሮ የሚያስቀቅለው፣ ማንም የማይደፍረውን አስከሬን የሚያጥበው።

ለውጥ የሚባለውም በዚህ ረገድ ትልቅ ድንገተኛ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ከቤቱ ሰዎች አንዱ በሕይወት ሳለ የተደበቀው ነገር በስሙ ሲጠራ ነው። ከዚያ በፊት ምክርም ጸባይን ለመግታት መሞከርም ብዙ ሲሠራ አላየሁም።

ከፀሐይ፣ ከሜርኩሪ፣ ከቬኑስና ከማርስ ጋር ሲሆንስ?

ከፀሐይ ጋር ጉዳዩ ክብርና ሥልጣን ነው። አባት፣ አለቃ፣ መንግሥት የመሳሰሉት በሰውየው ሕይወት ውስጥ ትልቅ ጥላ ይጥላሉ። እንዲህ ያለ ሰው የበታች ሲሆን ይታፈናል፤ የበላይ ሲሆን ደግሞ ሲፈራው የነበረውን ሰው መሳይ ሆኖ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ይህን የሚነግሩኝ ብዙ ጊዜ እነርሱ ሳይሆኑ አብረዋቸው የሚሠሩ ናቸው።

ከቬኑስ ጋር ፍቅርና ገንዘብ አንድ ቋጠሮ ውስጥ ይገባሉ። ቅናቱ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ ያነሰ የሚታወቀው ስጦታ ነው። ብድርን ወይም ውለታን ሰውን ማሰሪያ ማድረግ፣ ወይም በተቃራኒው ከማንም ምንም አለመቀበል የቬኑስና የፕሉቶ ጠባይ ነው። የማርሱ የታመቀ ቁጣ ነው፤ ለዓመታት ዝም ብሎ አንድ ቀን ከጉዳዩ ጋር በማይመጣጠን ኃይል የሚወጣ። የእነዚህን ሰዎች ብርታት በአካል ሥራና በረጅም ትግል አየዋለሁ፤ ድክመታቸው እረፍት አለማወቅ ነው። ከሜርኩሪ ጋር ሲሆን አእምሮው መርማሪ ይሆናል፤ ለጋዜጠኛ፣ ለኦዲተርና ለሐኪም መልካም፣ ለትዳር ጓደኛ ግን አንዳንዴ የጣቢያ ምርመራ ይሆናል።

ትራይን ወይም ሴክስታይል ከሆነ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። ጭብጡ ያው ነው፤ የሚለየው ግጭት አለመኖሩ ነው። ካሬ ያለው ሰው ከሰው ጋር እየተጋጨ ቁጥጥሩን ያውቀዋል፤ ትራይን ያለው ሰው ግን ሰዎች በፈቃዳቸው ስለሚታዘዙለት መቆጣጠሩን ላያውቀው ይችላል። በእኔ ግምት ለማንበብ የሚከብደው ይሄኛው ነው።

ፕሉቶ አሁን በእኔ ላይ እያለፈ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ? ስንት ጊዜስ ይቆያል?

ከልደት አስፔክት ውጪ ዛሬ በሰማይ ያለው ፕሉቶ በልደትዎ የነበሩትን ፕላኔቶች ሲነካ ትራንዚት ይባላል። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በደለዊ ውስጥ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የገባው በኖቬምበር 19 ቀን 2024 ሲሆን እስከ 2043 አካባቢ ይቆያል። እስከ እ.ኤ.አ. 2026 ድረስ የሚመላለሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዲግሪዎች ነው። ስለዚህ ፀሐያቸው የምትነካው በግምት ከጥር 12 እስከ 17 (ጥምረት)፣ ከሚያዝያ 12 እስከ 17 እና ከጥቅምት 13 እስከ 18 (ካሬ)፣ ከሐምሌ 16 እስከ 21 (ትይዩ) የተወለዱ ናቸው። ጨረቃንና ሌሎቹን ለማወቅ ሰንጠረዡን ማየት ግድ ነው።

ፕሉቶ በየዓመቱ አምስት ወር ገደማ ወደ ኋላ የሚመለስ ስለሚመስል አንድን ዲግሪ አንድ ጊዜ ብቻ አይነካም። ፀሐዩ በደለዊ ሁለተኛው ዲግሪ ላይ ያለች ሰው፣ ማለትም ጥር 14 አካባቢ የተወለደ፣ አምስት ጊዜ ተነክቷል፤ በሚያዝያና በግንቦት 2016 ሁለት ጊዜ፣ በጥር መጨረሻ 2017፣ በነሐሴ 2017፣ እንደገናም በኅዳር መጨረሻ 2018። አነባበቡ የሚጠብቀውም አንድ ክስተት ሳይሆን አንድ ጉዳይ ተነሥቶ፣ ተድበስብሶ፣ ተመልሶ መምጣቱን ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድም ተመላልሶ የመጣ ጉዳይ የሌለው ሰው ካጋጠመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው የልደት ቀኑን ነው፤ ቀኑ ልክ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አነባበቡ በእርሱ ላይ አልሠራም ብዬ እተወዋለሁ። ለምሳሌያችን ሴት ትራንዚቱ ገና ነው፤ ፕሉቶ የደለዊን 13ኛ ዲግሪ የሚያገኘው እ.ኤ.አ. ከ2030 እስከ 2032 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ያን ጊዜ ፀሐይዋን ይጣመራል፣ ጨረቃዋን ደግሞ በትይዩ ይነካል።

የኖርንበት ሰፈር ፈርሶ ተነሣን፤ ይህ የፕሉቶ ሥራ ነውን?

በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ይህ ጥያቄ በርክቶልኝ ነበር፤ ፕሉቶም በዚያው ሰሞን ወደ ደለዊ እየገባ ስለነበር ጠያቂዎቹ ሁለቱን ለማያያዝ ይቸኩላሉ። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው የተነሡ ሰዎች ልደታቸው የተለያየ ነው፤ ፕሉቶ ከመካከላቸው የነካው ጥቂቱን ነው፤ ቤቱ ግን ለሁሉም ፈርሷል። የግል ሰንጠረዥ የማዘጋጃ ቤትን ውሳኔ አይገልጽም፤ ያልፈረሰባቸውና ትራንዚቱ ያለባቸው ሰዎችም በሌላው ሰፈር ሞልተዋል።

ሰንጠረዡ ሊያወያየን የሚችለው ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። አንዷ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ገብታ በሳምንቱ ዕድር ትፈልጋለች፤ ጎረቤቷ የነበረችው ደግሞ የድሮውን ቤት ቁልፍ በመሀረብ ቋጥራ ዓመት ታቆያለች። ያጡት አንድ ዓይነት ቤት ነው፤ የአያያዛቸው ልዩነት ግን የፕሉቶ ጥያቄ ነው፤ ያም ቢሆን ሰዎቹን ሳያዳምጡ ከሰንጠረዥ ብቻ የሚታወቅ አይደለም።

የፕሉቶ ትራንዚት ሞትን ይተነብያልን?

አይተነብይም፤ እተነብያለሁ የሚልዎትን ሰው ይራቁ። እናታቸው በታመመችባቸው ጊዜ የጨረቃቸውን ትራንዚት አይተው የሚመጡ አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥምረትን፣ ካሬንና ትይዩን ብቻ ብንቆጥርና ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዓመት ብንሰጥ አንድ ሰው በዕድሜው ከአምስቱ የግል ፕላኔቶች በአንዱ ላይ ለብዙ ዓመታት ፕሉቶን ያገኛል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ልቅሶ መቀመጡ አይቀርም። ከገጠመ በኋላ ሁሉም ይገጥማል። ለታመመ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ የምርመራ ቀጠሮን በፕሉቶ ምክንያት ያዘገየ ሰው ስላጋጠመኝ ነው ይህን ያህል የምከርረው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፕላኔት አይደለም ተብሎ የለምን? ሳይንስስ ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በኦገስት 24 ቀን 2006 ድንክ ፕላኔት ብሎ መድቦታል። ኮከብ ቆጣሪዎች ፀሐይንና ጨረቃንም «ፕላኔት» ስለሚሏቸው ምደባው አነባበባቸውን አልለወጠውም። ከባዱ ጥያቄ ሁለተኛው ነው። ሾን ካርልሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው ሙከራ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው ሰንጠረዥ ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች ከትክክለኛው ጋር እንዲያዛምዱ ተጠይቀው ነበር፤ ያገኙት ከሦስት አንድ ያህል ነው፤ ይህም በዕጣ የሚገኘው ነው። እኔ ይህን የማልደብቀው ሰዎች ገንዘብና ውሳኔ ይዘው ስለሚመጡ ነው። ሰንጠረዡን የምጠቀምበት ሰው በቀጥታ ቢጠየቅ የማያነሣውን ነገር እንዲያነሣ መነሻ አድርጌ ነው። የሃይማኖት ጥያቄ ያለበት ሰው ደግሞ መልሱን ከንስሐ አባቱ ወይም ከሸኹ ያገኛል፤ ሁለቱም በአብዛኛው እንደማይፈቅዱት ግልጽ ነው።

የባለቤቴ ፕሉቶ በጨረቃዬ ላይ ካሬ ነው፤ የሚቆጣጠረኝ በዚህ ምክንያት ነውን?

ወደ ምሳሌያችን ሴት እንመለስ። ጨረቃዋ በአሰድ 13ኛ ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፕሉቶው በአቅራብ 11 እና 15 ዲግሪ መካከል የሆነ ሰው ሁሉ ጨረቃዋን በካሬ ይነካል። እነዚህም በ1980 አጋማሽና በ1982 መግቢያ መካከል ከተወለዱት አብዛኞቹ ናቸው። ባለቤቷ ብቻ ሳይሆን አብረዋት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከተማሩት ልጆች አብዛኞቹ፣ የቅርብ ጓደኛዋም፣ በዚያ ዕድሜ ያለ የታክሲ ረዳትም ይህ አስፔክት አላቸው። እኩያውን ያገባ ሰው በሁለት ሰንጠረዥ ንጽጽር የሚያገኘው የፕሉቶ ንክኪ ከሞላ ጎደል የዕድሜ ጉዳይ ነው። ባለቤቷን ለይቶ የሚያሳይ ነገር ቢኖር የእርሱ ፈጣን ፕላኔቶች ከእርሷ ፕሉቶ ጋር ያላቸው ርቀት ነው፤ ያም የእርሱን የልደት ሰዓት ይጠይቃል።

ሌላም አለ። ባል የሚስቱን ደመወዝ ካርድ ከያዘ፣ ስልኳን ከፈተሸ፣ እናቷን እንዳታይ ከከለከለ ያ ድርጊት ስም አለው፤ ስሙም ትራንዚት አይደለም። «ፕሉቶው ነው፣ ይህ ዓመት ሲያልፍ ይተዋል» ብላ የምትጠብቅ ሴት ፕሉቶ ከአንድ ዲግሪ እስኪያልፍ ሁለት ዓመት ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ይዛ የምትመጣ ሴት የምታሳየኝን ስልኳን እዘጋና የምጠይቃት ካርዱ አሁን በማን እጅ እንዳለና ዛሬ ማታ የምትሄድበት ዘመድ እንዳላት ነው።